ከልብ ጥላ በስተጀርባ፦ የአንድ ታካሚ የደረት ራጅ ከአየር ቧንቧ እስከ ለስላሳ አካላት

ሐረር ውስጥ በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የተኛ የአንድ የጭነት ሠራተኛ የደረት ራጅ ለተለማማጅ ሐኪሞች ደጋግሜ የማሳየው ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ከክፍሉ በር ሆኖ የሚታይ በሽታ አለ። የሰውየውን ሁለት እግሮች ሊያሳጣው የደረሰው ግን ያ በሽታ የተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሌላ ቦታ ነበር። የታካሚውን ማንነት የሚገልጡ ዝርዝሮች እዚህ ተለውጠዋል፤ የራጁ ግኝቶች አልተነኩም።

ሰውየው 46 ዓመቱ ነው። ከጁገል ግንብ ውጪ ባለው ገበያ ማሽላና ድንች ከመኪና እያወረደ ሲኖር ቆይቷል። ወደ ሆስፒታል ያመጣው ሁለት ወር የዘለቀ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቀው ላብና የክብደት መቀነስ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አሞክሲሲሊን ተሰጥቶት አልተሻለውም። ታሪኩን የተቀበለችው ተለማማጅ ሐኪም በመጨረሻ «ጋሼ፣ ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ጀርባዬማ የሥራዬ ነው ልጄ፤ ኩንታል የተሸከመ ሰው ጀርባው አያመውም ወይ?» ብሎ ሳቀ፤ እሷም «የጀርባ ሕመም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ» ብላ ጻፈች። በዚያ ሰዓት ማንም ሰው የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ራጁ ቀረበ። የቀረበው በስልክ ፎቶ ነበር፤ አንዱ ተለማማጅ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ አንስቶታል። «የቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ላይ ጥላ አለ፣ መሐሉ ላይ ዋሻ ይታያል። የሳንባ ቲቢ ነው። ልብ ኖርማል፣ አጥንት ኖርማል» አለ። ይህን ለማለት የወሰደበት ጊዜ ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት ከወሰደበት አይበልጥም። ስለ ቲቢው ትክክል ነው። «አጥንት ኖርማል» ላይ ግን አስቆምኩት፤ ስንተኛው አጥንት ድረስ እንደቆጠረ ስጠይቀው አልቆጠረም። በእኔ እምነት «ኖርማል» ከሁሉም የራጅ ቃላት ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ነው፤ ያልታየ ነገር ኖርማል አይባልም።

በስልክ ፎቶ ስለማንበብ አንድ ነገር ልበል። ራጅ ላይ ከጥቁሩ ሳንባ እስከ ነጩ አከርካሪ ድረስ እጅግ ሰፊ የብርሃን ደረጃ አለ። የስልክ ካሜራ ይህንን ሁሉ ስለማይዝ ለሳንባው ሲያመቻች የልብ ጥላና ከልብ በስተጀርባ ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ራጅ ክፍል ሄደን ምስሉን በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ከፈትነው። እዚያ ብርሃኑንና ንፅፅሩን እንደፈለጉ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ፊልሙ ራሱ

በሽታ ከመፈለግ በፊት ፊልሙ ሊነበብ የሚችል መሆኑ ይታያል። ሰውየው መቆም ስለቻለ የተነሳው ደረቱን ወደ ምስል መቀበያው አስጠግቶ፣ ጨረሩ ከጀርባው ገብቶ በፊቱ እንዲወጣ ተደርጎ ነው፤ ርቀቱም እንደ ደንቡ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለልብ መጠን ወሳኝ ነው። አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ጨረሩ ከፊት በቅርብ ርቀት ሲመጣ ልብ ከመቀበያው ስለሚርቅ ጥላው ይተልቃል፤ ጤነኛውን ልብ ያበጠ ያስመስለዋል።

ከዚያ ትንፋሹን አየን። ከዲያፍራም በላይ የሚታዩትን የጎድን አጥንቶች የኋላ ክፍል ስንቆጥር 10 ሆኑ፤ በቂ አየር ስቧል ማለት ነው። ቀጥሎ ሰውየው መዞር አለመዞሩን ለማወቅ የሁለቱን ክላቪክሎች የውስጥ ጫፍ አየን፤ ከአከርካሪው መሐል ከሚታየው ሹል አጥንት ያላቸው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል ነው። ይህን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ትንሽ ጊዜ ነው፤ ጥቅሙ ግን ወዲያው የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው በትንሹ እንኳ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ ስለ አየር ቧንቧው የምንለው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

የአየር ቧንቧ

የአየር ቧንቧው ከአንገት ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር አምድ ሆኖ ይታያል። መሐል ላይ መሆን አለበት፤ አኦርታ በሚታጠፍበት አካባቢ ብቻ በመጠኑ ወደ ቀኝ መገፋቱ ጤናማ ነው። በእኛ ታካሚ ግን ከዚህ አልፎ ከአንገት ሥር ጀምሮ ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። ታዲያ ተገፍቶ ነው ወይስ ተስቦ? በግራ በኩል የሚገፋ ነገር፣ ማለትም እንቅርት ወይም ብዙ ውሃ ወይም ያመለጠ አየር፣ የለም። በቀኝ በኩል የሳንባው የላይኛው ክፍል ጠብቦ ኮምትሯል። ስለዚህ የተሳበ ነው።

አንዷ ተለማማጅ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አየች። የግራው የሳንባ ሥር፣ ማለትም ሂለም፣ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት፤ በአብዛኛው ሰው እንዲህ ነው። እዚህ ግን የቀኙ ወደ ላይ ተጎትቶ ከግራው ጋር እኩል ሆኗል። ይህ የሚያሳየው የሳንባው ክፍል በጠባሳ መኮማተሩን ነው፤ ጠባሳ ደግሞ በሁለት ወር ሳል አይሠራም። ስለዚህ ታሪኩ ላይ የተጻፈው «ሁለት ወር» ከፊልሙ ጋር አይስማማም። በኋላ ወደ ሰውየው ተመልሰን ስንጠይቀው ሳሉ ካለፈው ዓመት የዝናብ ወራት በፊት ጀምሮ ሲመጣና ሲሄድ እንደነበረ፣ ሁለት ወር ያለው የባሰበትን ጊዜ መሆኑን ነገረን። በቤት ውስጥ አብረውት የሚኖሩት ልጆች ያን ያህል ጊዜ አብረውት ሲተነፍሱ ቆይተዋል ማለት ነው፤ የቤተሰቡ ምርመራ የተጀመረው ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ ነው።

ሳንባ

ስለ ሳንባው ብዙ አልቆይም፤ ዓይን ራሱ ይሄድበታል። ሁለቱን ሳንባዎች ላይኛ፣ መካከለኛና ታችኛ ብሎ ከፍሎ ግራውን ከቀኙ እያነጻጸሩ መውረድ ነው። በቀኝ ላይኛው ክፍል ግድግዳው ወፍራም የሆነ ዋሻ፣ በዙሪያው የተበታተኑ ጥላዎች፤ በግራ መካከለኛው ክፍል ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ዋሻው ውስጥ ያለው ነገር በአየር ቧንቧ ቅርንጫፎች አማካይነት ወደ ሌላው ሳንባ ሲፈስ እንዲህ ያለ መበታተን ይታያል። ሰውየው ተላላፊ መሆኑን ለማሰብ የአክታ ውጤት መጠበቅ አላስፈለገም፤ በዚያኑ ሰዓት ማስክ ተሰጥቶት መስኮት ወዳለው ለብቻው ክፍል ተዛወረ።

ሁለቱ የታችኛ ሹል ጥጎች ጥርት ያሉ ናቸው፤ የተቋጠረ ውሃ አይታይም። ይህን ስንል ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ቆሞ በተነሳ የፊት ለፊት ራጅ ላይ ጥጉ እስኪደፈን ድረስ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ መጠራቀም አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ውሃ ጥጉን ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል።

ሳንባው ላይ ዓይን የማይሄድባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከክላቪክል በስተጀርባ ያለው ጫፍ፣ የሳንባው ሥር ዙሪያ፣ ከዲያፍራም ጉብታ በታች ወደ ኋላ የሚወርደው የሳንባ ክፍል፣ እና ከልብ በስተጀርባ ያለው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አይተን ምንም አላገኘንም። አራተኛው ላይ ስንደርስ ወደ ልብ ገባን።

ልብና ከእሱ በስተጀርባ ያለው

የልብን መጠን መለካት ቀላል ነው። የልብ ጥላ በጣም ሰፊ በሆነበት ስፋቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ የደረቱ ውስጣዊ ስፋት 29 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግማሽ በታች ስለሆነ አላበጠም። ተለማማጆቹ ሁሉ ይህንን ያውቃሉ፤ ቁጥሩን አግኝተው ልብን ለቀው ሊሄዱ ሲሉ ስክሪኑ ላይ ብርሃኑን እንዲቀይሩት ጠየቅኩ።

የልብ ጥላ በሙሉ ስፋቱ አንድ ዓይነት ንጣት ሊኖረው ይገባል። ከአከርካሪው በስተግራ ያለው ከቀሪው የሚነጣ ከሆነ ከልብ ሌላ በፊቱ ወይም በኋላው የተደረበ ነገር አለ። ንፅፅሩ ሲስተካከል በልብ ጥላ ውስጥ ከአከርካሪው ጎን ሁለተኛ ጠርዝ ወጣ፤ ከላይ ጠቦ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ወደ ውጪ ይነፋል፣ ወደ ታች እንደገና ይጠባል። በቀኝ በኩልም ተመሳሳይ ጠርዝ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ አከርካሪው ላይ የተጠመጠመ ፈትል ያለው እንዝርት ይመስላሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ግምቶች ተሰነዘሩ፤ ሦስቱም መስማት የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው በግራው የታችኛው የሳንባ ክፍል የሳንባ ምች አለ የሚል ነው። ምች ቢሆን ግን ጠርዙ እንዲህ ጥርት አይልም፤ ጥላው ውስጥ አየር የያዙ ቧንቧዎች እንደ ጥቁር መስመር ይታያሉ፤ የግራው ዲያፍራም መስመርም ከኋላ በኩል ይደፈናል። እዚህ ዲያፍራሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ሁለተኛው የጨጓራ ክፍል በዲያፍራም ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥቷል የሚል ነው። ያ ሲሆን በልብ ጥላ ውስጥ አየርና ፈሳሽ የሚለያዩበት አግድም መስመር ይጠበቃል፤ እዚህ የለም፤ የጨጓራው የአየር አረፋም በቦታው ከግራ ዲያፍራም ሥር ተቀምጧል። ሦስተኛው አኦርታ ሰፍቷል የሚል ነው። ወራጁ አኦርታ ከላይኛው ቅስት ጋር ተያይዞ እንደ አንድ መስመር ይወርዳል፤ ይህኛው ጠርዝ ግን ከቅስቱ ጋር አይገናኝም፤ በተጨማሪም አኦርታ በቀኝ በኩል ያለውን ጥላ አያስረዳም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው ጉዳዩን የቆረጠው። በአከርካሪው ግራ በኩል ከአኦርታ ቅስት እስከ ዲያፍራም የሚወርድ ቀጭን መስመር በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይታያል። በቀኝ በኩል ያለው ግን በአብዛኛው አይታይም፤ ከታየም አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ወደ ውጪ የተነፋ የቀኝ መስመር ሲገኝ፣ በተለይ ከግራው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ምንጩ አከርካሪው ራሱ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች በቀኝ በኩል የሚያወጡት የአጥንት ቡቃያ ይህን መስመር ሊገፋው ይችላል፤ ያ ግን ከአንድ ዲስክ አጠገብ የተወሰነ ጉብታ ይሠራል እንጂ በሁለቱም ጎን የሚረዝም እንዝርት አይሠራም።

አጥንት

አሁን ቆጠራው ተጀመረ። የመጀመሪያው የጎድን አጥንት ከመጀመሪያው የደረት አከርካሪ ጋር ስለሚጋጠም፣ እሱን ይዞ አንድ በአንድ ወደ ታች መውረድ ነው። የጎድን አጥንቶችን መጀመሪያ የኋላ ክፍላቸውን በሙሉ፣ ከዚያ ተመልሶ የፊት ክፍላቸውን ማየት ይሻላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚከተል ዓይን መንገድ ይስታል። በቀኝ 7ኛው የጎድን አጥንት ላይ የዳነ የድሮ ስብራት አገኘን። ተለማማጆቹ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን እንዲቀጥሉ ገፋሁ፤ ምክንያቱም ሳንባው ላይ ያስቆማቸው ያው ደስታ አጥንትም ላይ ሊያስቆማቸው ነው። አንድ ነገር ያገኘ ዓይን ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ የንባብ ቅደም ተከተል የተበጀውም ለዚህ ጠባይ ልጓም ለማበጀት ነው። ትከሻና ክላቪክል ደህና ናቸው።

የአከርካሪ አጥንቶች ላይ እያንዳንዱን ሣጥን ከላይና ከታች ያለውን ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ የሚታዩትን ሁለት ሞላላ ቀለበቶች፣ ማለትም ፔዲክሎችን፣ እና በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለውን የዲስክ ክፍተት ማየት ያስፈልጋል። እስከ 8ኛው ድረስ ሁሉም በቦታው ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መካከል ግን ክፍተቱ ከላይና ከታች ካሉት ግማሹን አይሆንም። የ9ኛው የታች ጠርዝና የ10ኛው የላይ ጠርዝ ተሸርሽረው ደብዝዘዋል። ፔዲክሎቹ አራቱም አሉ። የእንዝርቱ የተነፋ መሐል በትክክል በዚሁ ክፍተት ላይ ይወድቃል።

ዲስኩ መጥበቡና ፔዲክሎቹ መትረፋቸው አብረው ሲታዩ ትርጉም አላቸው። ከሌላ አካል ወደ አከርካሪ የተዛመተ ካንሰር ብዙ ጊዜ ፔዲክልን ያጠፋል፤ ዲስኩን ግን ይተወዋል። ኢንፌክሽን ተቃራኒውን ያደርጋል። ምክንያቱ የደም ሥር ነው፤ አንድ የደም ቅዳ ቅርንጫፍ ሁለት ጎረቤት አጥንቶችን ስለሚመግብ የቲቢ ባክቴሪያ በደም ሲመጣ በሁለቱም ጠርዝ፣ ከዲስኩ ላይና ታች ያርፋል። የአዋቂ ዲስክ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚጎዳው ከሁለቱም ወገን ያለው አጥንት ሲበላሽ ነው። በቲቢ ይህ ቀስ ይላል፤ ሌሎች መግል አምጪ ባክቴሪያዎች ግን ዲስኩን በሳምንታት ውስጥ ሊበሉት ይችላሉ። መግሉ ከአጥንቱ ወጥቶ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ሲጠራቀም ያየነው እንዝርት ይሠራል። በአጥንትና በመገጣጠሚያ ላይ ከሚከሰተው ቲቢ ግማሽ ያህሉ በአከርካሪ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚወደው ደግሞ የደረቱን የታችኛ ክፍልና የወገቡን መጀመሪያ ነው።

ራጅ ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። አጥንት ከማዕድኑ ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሳያጣ በተራ ራጅ ላይ ጉዳቱ አይታይም። ይህ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት ቢነሳ ኖሮ አከርካሪውን አንድ በአንድ የቆጠረ ሐኪም እንኳ ምንም ባላገኘ ነበር። ጀርባውን ለሚያመውና ሌሊት ለሚያልበው ሰው ጤነኛ የመሰለ ራጅ የአከርካሪ ቲቢ የለህም አይለውም።

ለስላሳ አካላት

ይህ ክፍል በአብዛኛው ፊልም ላይ ፈጥኖ ያልቃል። ከቆዳ ሥር አየር የለም፤ ከዲያፍራም በታች ያመለጠ አየር የለም፤ ከክላቪክል በላይ ያሉት ለስላሳ አካላት መክሳታቸው ክብደት መቀነሱን ያረጋግጣሉ። በግራ ክንድ በኩል፣ ፊልሙ ጠርዝ ላይ፣ ጥርት ያለ ማዕዘን ያለው ትንሽ ነጭ ጥላ ነበር። ሰውየው ክንዱ ላይ ያሰረው በብረት የተለበጠ ክታብ ነው። በሐረርም በድሬዳዋም ይህ የተለመደ ነው፤ የራጅ ባለሙያዎች ወደ ጎን እንዲደረግ ይጠይቃሉ እንጂ አስፈትቶ መጣል አይገባም። ይልቅ የሚያታልለው ሹሩባ ነው። ተሠርቶ ትከሻ ላይ የወደቀ ፀጉር በሳንባው ጫፍ ላይ የቲቢ ጥላ የሚመስል ነገር ይሠራል፤ ምልክቱ ጥላው ከሳንባው ወሰን አልፎ ወደ አንገት መቀጠሉ ነው።

ከስክሪኑ ወደ አልጋው

ፊልሙ ላይ ያነበብነው ሁሉ ወደ ሰውየው መልሶ ላከን። ተለማማጇ ከተኛበት አስነሥታ በጣቷ አከርካሪውን ከአንገት ወደ ታች ስትዳስስ ደረቱ መጨረሻ አካባቢ አንድ አጥንት ጎላ ብሎ ወጥቷል፤ ቀስ ብላ ስትመታው ፊቱን አኮማተረ። «ጋሼ፣ እግርዎስ?» አለችው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እግሬማ ሰሞኑን ይከብደኛል። የጁገልን ዳገት ስወጣ ይጎተታል። የድካም ነው ብዬ ነው» አለ።

ጉልበቱ ላይ በመዶሻ ስትመታ እግሩ ከልክ በላይ ዘለለ። የእግሩን መዳፍ በቁልፍ ጫፍ ስትጭረው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተነሣ፤ በሁለቱም እግር። የጡንቻው ጥንካሬ ከ5 ወደ 4 ወርዷል። ሽንቱን ይቆጣጠራል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ከአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር መጫን መጀመሩን ነው። ሽንት የመቆጣጠር አቅም ገና አለመጥፋቱ ጊዜ እንዳለን የሚነግር መልካም ምልክት ነበር። ጀርባው ሲያመው ሰውየው ከመድኃኒት ቤት የዲክሎፌናክ መርፌ ሲወጋ ነበር፤ ሕመሙ ሲቀንስለት ደግሞ ተመልሶ ወደ ኩንታሉ ይሄዳል።

ከጎን የተነሣ ራጅ ታዘዘ። ከጎን በሚነሣ የደረት ራጅ ላይ አከርካሪው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየጠቆረ መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ጨረሩ ትከሻን አልፎ የሚያገኘው አየር ያለበት ሳንባ ይበዛል። የእሱ በ9ኛው አካባቢ መጥቆሩን ትቶ እንደገና ነጣ፤ የሁለቱ አጥንቶች የፊት ክፍል ተጨፍልቆ ሾጥጧል። ኤም አር አይ በአከርካሪው ዙሪያ የተጠራቀመውን መግልና ሕብለ ሰረሰሩን የሚጫነውን ክፍል አሳየ። የአክታው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የቲቢ ባክቴሪያ አገኘ፤ ሪፋምፒሲንን የመላመድ ምልክት አልነበረውም። የኤች አይ ቪ ምርመራው ነጻ ነው።

የሳንባ ቲቢ ብቻ ተብሎ ቢሆን ኖሮ የተለመደው የ6 ወር ሕክምና ይጀመርለትና ምናልባት በሳምንቱ ወደ ቤቱ፣ ከዚያም ሳሉ ሲቀልለት ወደ ገበያው ይላክ ነበር። አሁን ግን ለሁለት ወር አራቱን መድኃኒቶች፣ ማለትም ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶልን፣ ከዚያም ለ10 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድን እንዲወስድ ተወሰነ፤ ከአይሶኒያዚዱ ጋር ቫይታሚን ቢ 6 ተጨመረለት። ወገቡን የሚደግፍ መታጠቂያ ተሠራለት፤ ሸክም ተከለከለ። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አይተውት ድክመቱ ካልባሰ በመድኃኒት እንዲጠበቅ ተስማሙ። ለእኛ የቀረው የእግሩን ጥንካሬ በየቀኑ መመዝገብ ነበር፤ እየባሰ ከሄደ ወይም ሽንቱ ከተያዘ ቀዶ ሕክምናው አይዘገይም።

አልባሰም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው ነጻ ሆነ፤ እግሩም ዳገት ሲወጣ መጎተቱን አቆመ። በ6ኛው ወር የተነሣው ራጅ ላይ የሳንባው ዋሻ ጠብቦ ጠባሳ ሆኗል፤ እንዝርቱ በግማሽ ቀንሷል። በ9ኛውና በ10ኛው መካከል ያለው ክፍተት ግን እንደጠበበ ነው። አዲስ የመጣ ተለማማጅ ይህን አይቶ «መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የጠፋ ዲስክ ተመልሶ አይበቅልም፤ ሁለቱ አጥንቶች ሲድኑ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በአከርካሪው ጎን ያለው ጥላም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መዳኑን የምንለካው በሕመሙ፣ በክብደቱና በእግሩ ጥንካሬ ነው። ራጁን የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሦስተኛ አጥንት ተጨምሯል ወይ? የአከርካሪው መታጠፍ ብሷል ወይ? ተለማማጁም ከመጀመሪያው የጎድን አጥንት ጀምሮ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ።